ከማጠቃለያ ፈተና በፊት የሴሚስተር አማካይ ውጤትን ማስላት እና በማዕረግ የመመረቅ ዕድልን ማረጋገጥ

ይህ መረጃ የተዘጋጀው በመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ለሚከታተሉ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ነው። የሴሚስተሩ ተከታታይ ምዘና ተጠናቆ የማጠቃለያ ፈተና ሊጀመር የቀሩት ጥቂት ቀናት ሲሆኑ፣ በርካታ ተመራቂ ተማሪዎች «በማዕረግ ለመመረቅ የሚያስፈልገውን አማካይ ውጤት አሁንም ማሟላት ይቻላል ወይ?» የሚል ጥያቄ ያነሳሉ። ጥያቄው በግምት ሳይሆን በስሌት የሚመለስ ነው። ስሌቱ በአግባቡ ከተሠራ ማዕረጉ የሚደረስበት መሆን አለመሆኑን ከማሳየቱም በላይ፣ በቀሩት ቀናት ለየትኛው ኮርስ ቅድሚያ መስጠት እንደሚገባ ያመለክታል።

የማዕረግ ደረጃዎች

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በስፋት በሚሠራበት አሠራር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የማዕረግ ደረጃ የሚወሰነው በመላው የትምህርት ዘመኑ ባስመዘገበው ድምር አማካይ ውጤት ነው። ድምር አማካዩ 3.25 እና ከዚያ በላይ የሆነ ተማሪ በማዕረግ፣ 3.50 እና ከዚያ በላይ የሆነ በከፍተኛ ማዕረግ፣ 3.75 እና ከዚያ በላይ የሆነ ደግሞ እጅግ በጣም ከፍተኛ በሆነ ማዕረግ ይመረቃል። የሴሚስተር አማካይ ብቻውን ማዕረግ አያስገኝም። የመጨረሻው ሴሚስተር ውጤት የሚጠቅመው ድምር አማካዩን ከሚፈለገው ወሰን በላይ እስካደረሰ ድረስ ብቻ ነው።

ማርክ፣ ግሬድ እና የውጤት ነጥብ

በስሌቱ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። እነዚህ ሲቀላቀሉ ስሕተት ይፈጠራል። ማርክ ተማሪው በአንድ ኮርስ ከ100 ያገኘው ድምር ሲሆን፣ ግሬድ ማርኩ የሚመደብበት የፊደል ደረጃ ነው። እያንዳንዱ ግሬድ ከ4.00 የሚሰላ ዋጋ አለው። ይህ ዋጋ በኮርሱ ክሬዲት ሲባዛ የውጤት ነጥብ ይገኛል። በሥራ ላይ ያለው የተለመደው ምደባ የሚከተለው ነው።

| ግሬድ | ማርክ ከ100 | የግሬድ ዋጋ |
|---|---|---|
| ኤ ፕላስ | 90 እና ከዚያ በላይ | 4.00 |
| ኤ | ከ85 እስከ 90 በታች | 4.00 |
| ኤ ማይነስ | ከ80 እስከ 85 በታች | 3.75 |
| ቢ ፕላስ | ከ75 እስከ 80 በታች | 3.50 |
| ቢ | ከ70 እስከ 75 በታች | 3.00 |
| ቢ ማይነስ | ከ65 እስከ 70 በታች | 2.75 |
| ሲ ፕላስ | ከ60 እስከ 65 በታች | 2.50 |
| ሲ | ከ50 እስከ 60 በታች | 2.00 |
| ሲ ማይነስ | ከ45 እስከ 50 በታች | 1.75 |
| ዲ | ከ40 እስከ 45 በታች | 1.00 |

ከሰንጠረዡ መታየት ያለበት ዋና ጉዳይ፣ በግሬዶቹ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት እኩል አለመሆኑ ነው። ከቢ ወደ ቢ ፕላስ መሸጋገር 0.50 ሲያስገኝ፣ ከቢ ፕላስ ወደ ኤ ማይነስ ወይም ከኤ ማይነስ ወደ ኤ መሸጋገር የሚያስገኘው 0.25 ብቻ ነው። ከኤ ወደ ኤ ፕላስ መሸጋገር ደግሞ በአማካዩ ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም። በመሆኑም 85 ማርክ ማግኘቱ የተረጋገጠበት ኮርስ ላይ ተጨማሪ ጊዜ ማጥፋት ለማዕረግ የሚሰጠው ጥቅም የለም። በአንጻሩ 73 ማርክ ላይ ያለ ኮርስ ሁለት ማርክ ቢጨመርለት የግማሽ ነጥብ ልዩነት በክሬዲቱ ተባዝቶ ይገኛል።

የስሌቱ ቅደም ተከተል

1. እስካለፈው ሴሚስተር ድረስ የተያዘውን ጠቅላላ ክሬዲትና ጠቅላላ የውጤት ነጥብ ከግሬድ ሪፖርት መውሰድ።
2. ዲግሪው ሲጠናቀቅ የሚኖረውን ጠቅላላ ክሬዲት በሚፈለገው አማካይ (ለምሳሌ በ3.25) ማባዛት።
3. ከዚህ ላይ እስካሁን የተገኘውን የውጤት ነጥብ መቀነስ። ቀሪው በዚህ ሴሚስተር መገኘት ያለበት ነጥብ ነው።
4. የሴሚስተሩን ክሬዲት በ4.00 በማባዛት ሊገኝ የሚችለውን ከፍተኛ ነጥብ ማወቅ። መገኘት ያለበት ነጥብ ከዚህ ከበለጠ ማዕረጉ በዚህ ሴሚስተር አይደረስበትም።
5. ካልበለጠ፣ የሁለቱ ልዩነት ተማሪው ማዕረጉን ሳያጣ ሊጎድለው የሚችለው ነጥብ ነው። ይህ አኃዝ «የጉድለት ወሰን» ይባል።

በምሳሌ የተሠራ ስሌት

አንዲት የአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመራቂ ተማሪ እስካለፈው ሴሚስተር ድረስ 109 ክሬዲት አጠናቃ 349.75 የውጤት ነጥብ ይዛለች እንበል። ድምር አማካይዋ 3.21 ነው። በመጨረሻው ሴሚስተር በአምስት ኮርሶች 17 ክሬዲት ተመዝግባለች፤ ስትመረቅ የሚኖራት ጠቅላላ ክሬዲት 126 ይሆናል።

በማዕረግ ለመመረቅ የሚያስፈልጋት ጠቅላላ ነጥብ 126 በ3.25 ሲባዛ 409.50 ነው። ከዚህ ላይ 349.75 ሲቀነስ 59.75 ይቀራል። ሴሚስተሩ ሊያስገኝ የሚችለው ከፍተኛ ነጥብ 17 በ4.00 ተባዝቶ 68 ነው። ስለዚህ ማዕረጉ በስሌት ደረጃ ይደረስበታል፤ የጉድለት ወሰኗም 8.25 ነጥብ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ይህ ወሰን ከእስካሁኑ ውጤቷ ጋር መጣጣሙ ነው። በአራቱ ኮርሶች ተከታታይ ምዘናው 50 ማርክ፣ የማጠቃለያ ፈተናው 50 ማርክ ይይዛሉ። በመመረቂያ ጥናቱ ደግሞ የአማካሪው ምዘና 50፣ በገምጋሚዎች ፊት የሚደረገው ማቅረቢያ 50 ማርክ አላቸው ብለን እንውሰድ። በማጠቃለያውም በተከታታይ ምዘናው ያገኘችውን ያህል ብታገኝ ውጤቷ እንደሚከተለው ይሆናል።

| ኮርስ | ክሬዲት | የተያዘ ማርክ ከ50 | የሚጠበቅ ድምር | ግሬድ | ነጥብ | ጉድለት |
|---|---|---|---|---|---|---|
| አድቫንስድ አካውንቲንግ | 4 | 41 | 82 | ኤ ማይነስ | 15.00 | 1.00 |
| የመመረቂያ ጥናት | 4 | 40 | 80 | ኤ ማይነስ | 15.00 | 1.00 |
| ኦዲቲንግ | 3 | 38 | 76 | ቢ ፕላስ | 10.50 | 1.50 |
| የመንግሥት ሂሳብ አያያዝ | 3 | 36 | 72 | ቢ | 9.00 | 3.00 |
| ኦፕሬሽንስ ሪሰርች | 3 | 33 | 66 | ቢ ማይነስ | 8.25 | 3.75 |
| ድምር | 17 | | | | 57.75 | 10.25 |

የሴሚስተር አማካይዋ 57.75 ለ17 ተካፍሎ 3.40 ገደማ ይሆናል። ይህ ከእስካሁኑ ድምር አማካይዋ የተሻለ ቢሆንም ለማዕረግ አይበቃም። ጠቅላላ ነጥቧ 407.50 ሆኖ ለ126 ሲካፈል ድምር አማካይዋ 3.23 ነው። ጉድለቷ 10.25 ሲሆን ወሰኑ 8.25 በመሆኑ፣ መልሳ ማግኘት ያለባት 2 የውጤት ነጥብ ነው።

ሁለቱ ነጥቦች ከየት ይገኛሉ?

ብዙ ተማሪዎች በዚህ ጊዜ ዝቅተኛ ውጤት ያለበት ኮርስ ላይ ብቻ ያተኩራሉ። በምሳሌው ዝቅተኛው ኦፕሬሽንስ ሪሰርች ነው። ይህን ኮርስ ከቢ ማይነስ ወደ ቢ ለማሳደግ አራት ተጨማሪ ማርክ ያስፈልጋል፤ የሚያስገኘው ግን 0.75 ነጥብ ብቻ ነው። በዚህ ኮርስ ብቻ ሁለቱን ነጥብ ለማግኘት ቢ ፕላስ መድረስ ይኖርባታል። ይህም በተከታታይ ምዘና 33 ማርክ ያገኘችበትን ኮርስ በማጠቃለያ ፈተና 42 ማርክ ማምጣት ማለት ነው።

የመንግሥት ሂሳብ አያያዝ ኮርስ ግን የተለየ ነው። ከ72 ወደ 75 ለማድረስ የሚያስፈልጉት ሦስት ማርኮች ሲሆኑ፣ በፈተናው 36 ሳይሆን 39 ብታገኝ ግሬዱ ከቢ ወደ ቢ ፕላስ ይሸጋገራል። የ0.50 ልዩነቱ በሦስት ክሬዲት ሲባዛ 1.50 ነጥብ ይሆናል። አድቫንስድ አካውንቲንግም ከ82 ወደ 85 ለመድረስ ሦስት ማርክ ብቻ ይጎድለዋል። በፈተናው 44 ማርክ ብታገኝ ኤ ይሆንላታል፤ የ0.25 ልዩነቱም በአራት ክሬዲት ተባዝቶ 1 ነጥብ ያስገኛል።

ሁለቱ አንድ ላይ በስድስት ማርክ 2.50 ነጥብ ይመልሳሉ። ጠቅላላ ነጥቧ 410 ሆኖ ድምር አማካይዋ ወደ 3.254 ይደርሳል። ማዕረጉ የሚገኘው ትኩረቱ ሁሉ ባረፈበት ደካማ ኮርስ ሳይሆን፣ ለቀጣዩ ግሬድ ጥቂት ማርክ በቀራቸው ሁለት ኮርሶች ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ስሌቱ በዚህ አያበቃም። አዲስ ነጥብ ከማግኘት እኩል የተያዘውን አለማጣትም ይታሰባል። የመመረቂያ ጥናቱ የተገመተው ልክ በ80 ማርክ ላይ ነው። በማቅረቢያው አንድ ማርክ ቢቀንስ ግሬዱ ወደ ቢ ፕላስ ወርዶ አንድ ሙሉ ነጥብ ይጠፋል፤ ድምሩም 409 ሆኖ ከ409.50 በታች ይወድቃል። ኦዲቲንግ ከ76 ወደ 74 ቢወርድ ደግሞ ከቢ ፕላስ ወደ ቢ ስለሚሸጋገር 1.50 ነጥብ ይታጣል። ስለዚህ ተማሪዋ ኦፕሬሽንስ ሪሰርችን ጨርሳ መተው አይኖርባትም። በዚህ ኮርስ 70 ማርክ ደርሳ 0.75 ነጥብ ብትጨምር ጠቅላላ ነጥቧ 410.75 ይሆናል፤ የመመረቂያ ጥናቱ ወደ ቢ ፕላስ ቢወርድ እንኳ 409.75 ይዛ ማዕረጉን ታገኛለች።

በስሌቱ ላይ በብዛት የሚታዩ ስሕተቶች

*በክሬዲት አለማባዛት።* የአምስቱን ኮርሶች ዋጋ ደምሮ ለአምስት ማካፈል በምሳሌው 3.35 ይሰጣል፤ ትክክለኛው የሴሚስተር አማካይ ግን 3.40 ገደማ ነው። ባለ አራት ክሬዲት ኮርስ ከባለ ሦስት ክሬዲት የበለጠ ክብደት አለው። አንዳንድ ተቋማት ከክሬዲት ሰዓት በተጨማሪ ኢሲቲኤስ የሚባለውን መለኪያ ስለሚጠቀሙ፣ ተማሪው በግሬድ ሪፖርቱ ላይ ለስሌት የዋለውን መለኪያ ለይቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚያው ማስላት አለበት። ሁለቱን ማቀላቀል ውጤቱን ያዛባል።

*ከተጠጋጋ አማካይ መነሳት።* በግሬድ ሪፖርት ላይ 3.21 ተብሎ የሚታየው አኃዝ ወደ ሁለት አሥርዮሽ የተጠጋጋ ነው። በ109 ክሬዲት 349.50 ነጥብ ያለውም፣ 350.25 ነጥብ ያለውም ተማሪ ሪፖርቱ 3.21 ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው የ0.75 ነጥብ ልዩነት የአንድ ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ ግሬድ ከቢ ማይነስ ወደ ቢ እንደማሳደግ ነው። ስለዚህ መነሻ መሆን ያለበት ጠቅላላ የውጤት ነጥብ እንጂ አማካዩ አይደለም። ነጥቡ በሪፖርቱ ላይ ካልተገለጸ ከእያንዳንዱ ሴሚስተር ግሬድ በመነሳት መደመር ይቻላል።

*በማጠጋጋት ላይ መተማመን።* በምሳሌው 409 ነጥብ ለ126 ሲካፈል 3.246 ይሆናል። ይህ በሁለት አሥርዮሽ ሲጻፍ 3.25 ይመስላል፤ ከወሰኑ ግን በታች ነው። ተቋሙ ማዕረግን የሚወስነው ከማጠጋጋት በፊት ይሁን በኋላ ከሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ካልተረጋገጠ በስተቀር፣ ዕቅዱ 3.25 ሙሉ በሙሉ እንዲሟላ ተደርጎ መሠራት አለበት።

*የማይቆጠሩ ኮርሶችን መቁጠር።* በማለፍና በመውደቅ ብቻ የሚመዘኑ ኮርሶች፣ ለምሳሌ በመጀመሪያ ዓመት የሚሰጠው የአካል ብቃት ትምህርት፣ የግሬድ ዋጋ ስለሌላቸው አማካዩን በሚያካፍለው ክሬዲት ውስጥ አይገቡም። በአንጻሩ ውጤቱ ገና ያልተሟላ ኮርስ ካለ እስኪሟላ ድረስ ድምር አማካዩ የመጨረሻ አይደለም።

ማዕረጉ የማይደረስበት ከሆነ

በተመሳሳይ 109 ክሬዲት 340 ነጥብ የያዘ ተማሪ ድምር አማካዩ 3.12 ነው። ለማዕረግ የሚጎድለው 69.50 ነጥብ ሲሆን፣ ሴሚስተሩ በሁሉም ኮርሶች ኤ ቢመጣ እንኳ የሚሰጠው 68 ነው። በዚህ ጊዜ መልሱ ከፈተናው በፊት ይታወቃል። እንዲህ ያለው ተማሪ ጊዜውን ለማዕረግ ሳይሆን በየኮርሱ የማለፊያ ውጤቱን ለማስጠበቅና ለመውጫ ፈተና ለመዘጋጀት ቢያውለው ይጠቅመዋል።

ገና ብዙ ሴሚስተር የሚቀራቸው ተማሪዎች ይህንኑ ስሌት በቀሪ ክሬዲቶቻቸው ሁሉ ላይ ሊሠሩ ይችላሉ። ለምሳሌ ከ126 ክሬዲት 52ቱን ያጠናቀቀና 161.50 ነጥብ ያለው ተማሪ ድምር አማካዩ 3.11 ገደማ ነው። በቀሩት 74 ክሬዲቶች 248 ነጥብ፣ ማለትም በአማካይ 3.35 ገደማ ማስመዝገብ ይጠበቅበታል። ይህ ከ3.12 ተነስቶ በመጨረሻው ሴሚስተር ለመድረስ ከመሞከር በእጅጉ የቀለለ ነው፤ ምክንያቱም ጉድለቱ የሚካፈለው በብዙ ክሬዲት ላይ ነው።

ከሬጅስትራርና ከትምህርት ክፍል መረጋገጥ ያለባቸው ጉዳዮች

ተቋማት በሴኔት ሕጋቸው ዝርዝር ሁኔታዎችን ሊያስቀምጡ ስለሚችሉ፣ ተማሪዎች ከፈተናው በፊት የሚከተሉትን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

- በተቋሙ የሚሠራበት የማርክና የግሬድ ምደባ ከላይ ከተገለጸው ጋር አንድ መሆኑን፤
- ቀደም ሲል ኤፍ የተመዘገበበት ወይም በድጋሚ የተወሰደ ኮርስ በማዕረግ ላይ የሚያስከትለው ገደብ መኖር አለመኖሩን፣ በድጋሚ የተገኘው ግሬድም በአማካዩ ውስጥ እንዴት እንደሚያዝ፤
- የሁሉም ኮርሶች የተከታታይ ምዘና ማርክ በትክክል መመዝገቡን። ያልተመዘገበ የቤት ሥራ ወይም ፈተና ካለ ከማጠቃለያው በፊት ለኮርሱ መምህር ማመልከት ውጤቱ ከጸደቀ በኋላ ከማመልከት የቀለለ ነው፤
- ውጤት ከተገለጸ በኋላ የፈተና ወረቀት እንደገና እንዲታይ ለማመልከት የተፈቀደውን የጊዜ ገደብ።

ተመራቂ ተማሪዎች ለመመረቅ ከኮርሶች በተጨማሪ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና በ50 ከመቶና ከዚያ በላይ ማለፍ እንደሚጠበቅባቸው ይታወቃል። ስለዚህ ለማዕረግ የሚያበቃ ድምር አማካይ መኖሩ ይህን ፈተና የሚተካ አይደለም።

ድምር አማካይን የሚመለከት ጥያቄ ያለው ተማሪ የግሬድ ሪፖርቱንና ከላይ በተመለከተው ቅደም ተከተል የሠራውን ስሌት ይዞ ለአካዳሚክ አማካሪው ወይም ለተቋሙ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላል። ጥያቄው በአኃዝ ተደግፎ ሲቀርብ፣ ልዩነት ያለው በክሬዲት ላይ ይሁን በተመዘገበ ግሬድ ላይ በቀላሉ መለየት ይቻላል።